ለወርክሾፕ የተከፈለ ብር መቼ ይመለሳል፣ ስንትስ ይቀራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ የዳቦና የኬክ አሠራር ወርክሾፕ አዘጋጃለሁ። ሦስት ቀን ነው፣ 12 ሰው ይይዛል። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ አንዳንዴም ከወልዲያ ድረስ ይመጣሉ። ስልኬ ላይ ግን ስለ እርሾ ከሚጠይቀኝ ይልቅ እንደኔ ወርክሾፕ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይበዛሉ፤ ስፌት የሚያስተምረው፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚያስተምረው፣ ሁሉም የሚያነሳው ያንኑ ነው፦ ሰው ከፍሎ ሲቀር ምን ይደረጋል? ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የብሩ ልክ ለምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን አስገቡበት።

"የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም" ብሎ መገላገል አይሻልም?

እኔም በዚያ ነበር የጀመርኩት። በመጀመሪያው ዙር አንዲት እህት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደውላ እንደማትመጣ ነገረችኝ። ሕጉን ጠቅሼ እምቢ አልኩ። በማግሥቱ ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጠሁት፣ እሱም ከፈለ። ከአንድ ወንበር ሁለቴ ተቀበልኩ ማለት ነው። እሷ አልጮኸችም። ወሬው ግን በየቡናው ዞሮ እኔው ጋ መጣ፣ ያውም ተጨምሮበት።

በሁለተኛው ዙር አፍሬ "በማንኛውም ጊዜ ሙሉ ይመለሳል" አልኩ። አራት ሰዎች ዋዜማው ማታ ደወሉ። ፉርኖ ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ ክሬሙ፣ እንቁላሉ ሁሉ ተገዝቷል። ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ሁለቱም ሕግ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሚቀር ሰውና ዋዜማው ላይ የሚቀር ሰው የሚያደርሱት ጉዳት እኩል እንደሆነ አድርጎ ይቆጥር ነበር።

እሺ፣ ገደቦቹን በየትኛው ቀን ላድርጋቸው?

ብዙ ሰው 30 ቀን፣ 15 ቀን፣ 7 ቀን ብሎ ከሌላ ቦታ ይገለብጣል። የሌላ ሰው ገደብ የተሠራው ለሌላ ሰው ወጪ ነው። የእናንተን ገደብ የሚነግራችሁ የራሳችሁ ብር ነው። ወረቀት አውጡና እያንዳንዱ ወጪ ከየትኛው ቀን በኋላ ለእናንተ እንደማይመለስ ጻፉ።

የኔን ላሳያችሁ። ወርክሾፑ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ይጀምራል እንበል። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ሆን ብዬ ነው ማክሰኞ ያደረግኩት። ዋጋው በሰው 3,000 ብር ነው። ለአዳራሹ 9,000 ብር እከፍላለሁ፣ ግማሹን ቀድሜ። ባለአዳራሹ እስከ ኅዳር 2 ድረስ ከሰረዝኩ 4,500ዋን ይመልስልኛል፣ ከዚያ በኋላ የለም። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ ነው የምትመጣው፤ አበሏ 9,000፣ መጓጓዣና ማደሪያዋ 3,000 ነው። እስከ ኅዳር 9 ብሰርዝ ምንም አልከፍላትም። የኬኩ ግብዓት ለአንድ ሰው 500 ብር ሲሆን ቅዳሜ ኅዳር 13 ይገዛል። ምሳና ሻይ ለአንድ ሰው 400 ነው፣ ሆቴሉ ቁጥሩን ሰኞ ኅዳር 15 ማታ ይፈልጋል።

አሁን ገደቦቹ ራሳቸው ወጡ። አዳራሹ፣ ግብዓቱ፣ ምሳው። የአሠልጣኟ ቀን ለተሳታፊ ገደብ አይሆንም፣ እሱ የሚያስፈልገኝ ወርክሾፑን ራሴ ልሰርዝ ካልኩ ነው፤ ታች እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የተሳታፊው ገደብ ከእናንተ ገደብ ቀደም ማለት አለበት። ባለአዳራሹ ኅዳር 2 ካለኝ እኔ ለተሳታፊ ሰኞ ኅዳር 1 እላለሁ። አለበለዚያ ሰውየው በመጨረሻዋ ደቂቃ ሲነግረኝ የኔም ደቂቃ አብራ ታልፋለች።

በየደረጃው ስንት ላስቀር? አንዱ 50 በመቶ ይላል፣ አንዱ 25...

በመቶኛ አትጀምሩ፣ አንድ ወንበር ባዶ ሲሆን ስንት እንደምታጡ አስሉ። የኔ ቋሚ ወጪ፣ ማለትም አንድ ሰው መጣ አሥር ሰው መጣ የማይቀየረው፣ 9,000 እና 12,000 ተደምሮ 21,000 ብር ነው። በሰው የሚጨምረው 900 ነው። አንድ ሰው 3,000 ሲከፍል 900ው ለራሱ ይወጣል፣ 2,100ው ቋሚውን ወጪ ይሸፍናል። 21,000ን ለ2,100 ብታካፍሉት 10 ይመጣል። አሥር ሰው ሲገባ አልከስርም፣ አላተርፍም። ትርፌ ያለው በአሥራ አንደኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሰው ላይ ብቻ ነው፣ 4,200 ብር። ለዚህ ነው ሁለት ሰው ሙሉ ብሩን ይዞ ሲሄድ የወሩ ልፋቴ አብሮ የሚሄደው።

ሁለተኛው ጥያቄ ወንበሩን መልሼ መሸጥ እችላለሁ ወይ ነው። እስከ ኅዳር 1 ከነገረኝ ሁለት ሳምንት አለኝ፣ ተጠባባቂም አለ፣ ወንበሩ ሁልጊዜ ይሸጣል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሙሉውን እመልሳለሁ፣ የባንክ ወይም የቴሌብር ማስተላለፊያዋን ብቻ ቀንሼ።

ከዚያ እስከ ግብዓት ግዢው ባለው ጊዜ ግን አንዳንዱ ወንበር ይሸጣል፣ አንዳንዱ አይሸጥም። ግማሽ በግማሽ ብዬ ነው የጀመርኩት። የ2,100 ግማሽ 1,050 ነው፤ 1,000 አስቀራለሁ፣ 2,000 እመልሳለሁ። "ወንበሩ ከተሸጠ ሙሉ፣ ካልተሸጠ 900 ብቻ" ማለትም ይቻላል፤ የበለጠ ፍትሐዊም ይመስላል። ችግሩ ሰውየው ብሩን ሳያውቅ ሳምንት ይጠብቃል፣ በየቀኑም "ተሸጠ ወይ?" እያለ ይደውላል። እኔ ቁርጥ ያለውን መርጫለሁ፤ አንዱ ላይ 1,000 አተርፋለሁ፣ ሌላው ላይ 1,100 እከስራለሁ፣ ይቻቻላል። ግማሽ የምትለዋ ግምት ግን የናንተ ላትሆን ትችላለች። ሁለት ሦስት ዙር ማን መቼ እንደቀረና ወንበሩ እንደተሸጠ በደብተር ያዙ፣ ከዚያ አስተካክሉት።

ግብዓት ከተገዛ በኋላስ? ቋሚው 2,100 አለ፣ 500ው ቅቤና ዱቄት ሆኗል። የቀረችው የምሳዋ 400 ናት።

ታዲያ በመጨረሻው ደረጃ "ምንም አይመለስም" ብልስ? 400 ብር ምን ታደርጋለች?

ሰው ታስደውላለች። "ምንም" ያላችሁት ሰው መቅረቱን ቢነግራችሁም ባይነግራችሁም ለሱ ያው ነው፣ ስለዚህ አይነግራችሁም። ማክሰኞ ጠዋት ወንበሩን እያያችሁ "መንገድ ላይ ይሆናል" እያላችሁ ትጠብቃላችሁ። ምሳው በስሎ ይደፋል፣ ተጠባባቂውም ቤቱ ቁጭ ብሏል። እኔ "እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ከቀኑ 6 ሰዓት ከነገራችሁኝ የምሳችሁ 400 ብር ይመለሳል" ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ዝም ብሎ የሚቀር ሰው በጣም ቀንሷል። ከኪሴም አልወጣም፣ ለሆቴሉ የማልከፍለው ብር ነው።

በዚህ ደረጃ ሌላም አንድ ነገር አለ። ተጠባባቂ ተገኝቶ ወንበሩ በመጨረሻ ሰዓት ቢሞላ ለቀረው ሰው 2,000 እመልሳለሁ። ዱቄቱን ሌላ ሰው ጋግሮበታል፣ እኔ አልከሰርኩም። ያቺን የመጀመሪያ ዙር እህት አልረሳኋትም።

"ሰባት ቀን ሲቀረው" ብዬ ብጽፍ ምን ችግር አለው?

ከየት ይቆጠራል? የመጀመሪያው ቀን ይገባል ወይስ አይገባም? ሁለት ሰው ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ፤ የሚከራከራችሁ ሰው ደግሞ ለሱ የሚጠቅመውን ነው የሚይዘው። የቀኑን ስም፣ ወሩንና ሰዓቱን ጻፉ፦ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት።

ወሩን በቁጥር አትጻፉት። "11/3" ስትሉ እናንተ ኅዳር 11 ማለታችሁ ነው፣ ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀመው ግን ማርች ብሎ ሊያነበው ይችላል። "እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት"ም ጣጣ አለው። በስልኩ ቀኑ የሚቀየረው ያኔ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ግን ቀን የሚገባው ሲነጋ ነው፤ ስለዚህ ሌሊት 8 ሰዓት የተላከ መልእክት ገና ትናንት ነው የሚል ሰው ገጥሞኛል። ወላሂ አልዋሸሁም። ከዚያ ወዲህ ገደቤ ሁሉ በቀን ብርሃን ነው።

ቀኑ ራሱ ምን ላይ እንደሚውልም እዩ። ግብዓት ቅዳሜ ስለሚገዛ ገደቡን መጀመሪያ ዓርብ ነበር ያልኩት፣ ኅዳር 12። ኅዳር ሚካኤል መሆኑን ያስታወሰኝ ዳቦ ቤቱ ልጅ ነው። ግማሹ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውሎ ማታ ሊደውል ነው። ወደ ሐሙስ ሳብኩት። ዒድና መውሊድ ደግሞ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ቀድመው ይመጣሉ፣ ዒድ የጨረቃ ነገር ሆኖ በአንድ ቀንም ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሠራው የቀን አደረጃጀት ዘንድሮ ይሠራል ብላችሁ አትገልብጡ። በመስከረም 21 ሰሞንም ወርክሾፕ አታስቡ፣ የግሸን ተጓዥ መኪናውንም ሆቴሉንም ይይዘዋል።

ኔትወርክ ጠፍቶ መልእክቱ ቢዘገይስ?

የሚቆጠረው የተላከበት ሰዓት ነው፣ እኔ ያየሁበት አይደለም። በኤስኤምኤስም፣ በቴሌግራምም፣ በአንድ በተጻፈ ቁጥር ይላክ። በቃል መንገድ ላይ የተነገረኝን አልቀበልም፣ እረሳዋለሁ። የከተማው መስመር በሙሉ ከጠፋ ገደቡ መስመሩ በተመለሰ ማግሥት ቀን 6 ሰዓት ይሆናል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሕጉ ውስጥ አስገቧት፣ እዚህ ታስፈልጋለች።

ለቅሶ የገጠመው ሰውስ? ዋዜማው ላይ ቢሆንም ልቀጣው?

ይሄ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነው፣ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። እኛ ዘንድ ለቅሶ ምርጫ አይደለም። የቅሬ፣ የእድር ማለት ነው፣ አባል ቀብር ቢቀር ይቀጣል፣ ከቅጣቱም የሰው ዓይን ይብሳል። እንዲህ ላለው ሰው "400 ብር ትመለስልሃለች" ማለት ይከብዳል። ግን ሙሉ ብር በእጁ ልመልስ ካላችሁ ዱቄቱ ተገዝቷል።

እኔ የማደርገው ወደሚቀጥለው ዙር ማዛወር ነው። ለቅሶ፣ ሕመም፣ ወሊድ ያጋጠመው ሰው በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆን ክፍያው አንድ ጊዜ ይዛወርለታል፣ በስድስት ወር ውስጥ ይጠቀምበታል። ማስረጃ አልጠይቅም። ለቅሶ ቤት ለተቀመጠ ሰው "ወረቀት አምጣ" ከማለት ይልቅ አንድ ሁለት ጊዜ መታለል ይሻለኛል። ልኩን የምይዘው በ"አንድ ጊዜ" ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እንደማንኛውም ሰው በደረጃው ይስተናገዳል።

እዚህ ላይ አዘጋጆች የሚሳሳቱት ነገር አለ። የተዛወረ ክፍያ ትርፍ ይመስላቸዋል፣ ብሩ እጃቸው ላይ ስላለ። ዕዳ ነው። በሚቀጥለው ዙር ሦስት የተዛወሩ ሰዎች ካሉ አዲስ ከፋይ የምትቀበሉት ዘጠኝ ብቻ ነው፣ ዘጠኝ ደግሞ ከአሥር በታች ነው። የተዛወረውን ብር ለብቻው አስቀምጡት፣ ለባለፈው ዙር ጉድለት አትድፈኑበት።

በኔ ፋንታ እህቴ ብትመጣስ?

ትምጣ። እስከ መጀመሪያው ቀን ጠዋት ድረስ ሰው መተካት ነፃ ነው፣ ስሟን ብቻ ላኩልኝ፣ ለሰርተፊኬቱ። የማያስቀጡ ሕጎች ውስጥ ይሄን የሚያህል የለም፤ ወንበሩ አይጎድልም፣ ብርም አይንቀሳቀስም። ለጀማሪ ያልሆነ ወርክሾፕ ከሆነ ግን ምን ማወቅ እንዳለባት ቀድማችሁ ተናገሩ።

ሰው ሳይሞላ ቢቀርና እኔው ብሰርዝስ?

ያኔ ሙሉ ብር ይመለሳል፣ ማስተላለፊያውንም እናንተ ትችላላችሁ። በስንት ቀን እንደሚመለስ ጻፉ፤ እኔ በሦስት የሥራ ቀን እላለሁ። ይሄን ለመቻል ብሩ መኖር አለበት። የተሳታፊ ክፍያን ወርክሾፑ እስኪያልቅ በተለየ ሒሳብ ነው የማቆየው።

ለመሰረዝ የምወስንበት ቀን ሰኞ ኅዳር 8 ነው፤ ኅዳር 9 ካለፈ አሠልጣኟ ግማሽ አበሏን ትጠይቃለች፣ ልክ ናት፣ ሌላ ሥራ ትታ ነው። ቁጥሩን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው "አሥር ካልሞላ እሰርዛለሁ" ይላል። ቆም ብላችሁ አስሉ። ኅዳር 8 ላይ ስምንት ሰው ቢኖረኝ ስምንት በ2,100 ማለት 16,800 ነው፣ ከ21,000 ስንቀንስ ባካሂደው 4,200 እከስራለሁ። ብሰርዘው ደግሞ የአዳራሹ 4,500 ቀርቷል። ማካሄዱ በ300 ብር ይሻላል፣ ስምንት ሰውም አላስከፋሁም። በሰባት ሰው ኪሳራው 6,300 ይሆናል፣ ያኔ እሰርዛለሁ። ስለዚህ ሕጌ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር ስምንት ነው። ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት እንዲያውቀው ቀኑም አብሮ ተጽፏል።

መንገድ ተዘግቶ አሠልጣኟ ካልደረሰችስ ትሉኛላችሁ። ሌላ ቀን እሰጣለሁ፣ ቀኑ የማይመቸው ሙሉ ብሩን ይወስዳል። ግብዓቱ የኔ ኪሳራ ነው። ምርር ይላል፣ ግን ተሳታፊው ምን አጠፋ?

የመጀመሪያውን ክፍያ "ቀብድ" ብዬ ብቀበል ይሻላል?

ቃሉን ሳታስቡ አትጠቀሙበት። ቀብድ በሕግ ትርጉም አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ማለትም ከስምንት ሰው 1,000 ብር "ቀብድ" ተቀብላችሁ ሰው አልሞላም ብላችሁ ብትሰርዙ ለእያንዳንዱ 2,000 ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ሕጉ "ሌላ ስምምነት ከሌለ" ስለሚል መፍትሔው ቀላል ነው፤ "ቅድሚያ ክፍያ" በሉት፣ ማን ሲሰርዝ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ከመክፈሉ በፊት ያንብበው። ከከፈለ በኋላ የሚላክ ሕግ ስምምነት ለመባል ይቸገራል።

ብሩ ለማን ነው የሚመለሰው?

ወደ መጣበት። ባል በቴሌብር ለሚስቱ ከፍሎ ከሆነ ወደ ባል ቁጥር፣ መሥሪያ ቤት ከፍሎ ከሆነ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ። "ወደዚህኛው ላክልኝ" ሲባል እሺ አትበሉ፣ በኋላ የመጀመሪያው ከፋይ ሲመጣ ሁለቴ ልትከፍሉ ነው። በቅናሽ ቀድሞ 2,500 የከፈለ ሰውም የሚቀርበት ያው 1,000 ነው፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ለኔ የሚያስከፍለኝ አይቀንስም።

ለተሳታፊ የሚላከው ጽሑፍ ምን ይመስላል?

የኔ ይሄው ነው፣ ውሰዱት፦

"እስከ ሰኞ ኅዳር 1 ከቀኑ 11 ሰዓት ከነገሩን ሙሉ ክፍያዎ ይመለሳል፣ የማስተላለፊያው ብቻ ይቀነሳል። እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 ከቀኑ 11 ሰዓት ከሆነ 1,000 ብር ይቀራል። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ከቀኑ 6 ሰዓት ከነገሩን 400 ብር ይመለሳል፤ ቦታዎ በሌላ ሰው ከተሞላ 1,000 ብር ብቻ ይቀራል። እስከ መጀመሪያው ቀን ጠዋት ድረስ ሌላ ሰው መተካት ይችላሉ። ለቅሶ፣ ሕመም ወይም ወሊድ ከገጠመዎ ክፍያዎ አንድ ጊዜ ወደሚቀጥለው ዙር ይዛወራል። እስከ ኅዳር 8 ስምንት ሰው ካልሞላ ሰርዘን ሙሉውን በሦስት የሥራ ቀን እንመልሳለን።"

የኔትወርኩንና የመንገዱን ነገር ከሥሩ ጨምሩበት። ገደቡ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ አንድ አጭር ማስታወሻ እልካለሁ። አንዳንዱ በዚያ ምክንያት ነው የሚሰርዘው፣ ይሰርዝ፤ ማክሰኞ ጠዋት ከሚቀርብኝ ሳምንት ቀድሞ ቢቀርብኝ ይሻለኛል።

ሕጉን መሃል ላይ ብቀይረው የከፈሉትን ይነካል?

አይነካም። የከፈለ ሰው በከፈለበት ቀን ባነበበው ሕግ ነው የሚስተናገደው፣ አዲሱ ቢሻለው ግን አዲሱን ይውሰድ። ለዚህ ብዬ የእያንዳንዱን ዙር ጽሑፍ ከነቀኑ አስቀምጣለሁ።